የመጨረሻዋ መቀመጫ ስንት ታስገባለች?

ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እኩል ተነሥተው እኩል ያርፋሉ። የከፈሉት ግን እኩል ላይሆን ይችላል። የአገር ውስጥ በረራ ትኬት ለነዋሪ በአንድ ዋጋ፣ ለውጭ ጎብኚ ደግሞ ከፍ ባለ ዋጋ ሲሸጥ የኖረ ነው። ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም፦ «ፈረንጁ እኮ ነው የእኛን የሚከፍልልን!» የሚል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲያ ነበር የሚመስለኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሒሳቡን ስሠራው ግን ሌላ ነገር አገኘሁ።

እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት አርተር ፒጉ በ1920 ባሳተመው መጽሐፉ አንድን ነገር ለተለያዩ ሰዎች በተለያየ ዋጋ መሸጥን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። በመጀመሪያው ሻጩ እያንዳንዱን ሰው አቅሙ እስከፈቀደው ድረስ ያስከፍለዋል። ሁለተኛው ገዢዎችን በሚከፍሉት ልክ በእርከን በእርከን ይደረድራል። ሦስተኛው፣ የእኛው ጉዳይ፣ ገዢዎችን በሚታይ ምልክት ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ወገን የየራሱን ዋጋ ይቆርጣል። ምልክቱ የተማሪ መታወቂያ ወይም የጡረታ ደብተር ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ፓስፖርት ነው። ሻጩ ሁለቱን ዋጋዎች እንዴት እንደሚመርጥ ጆአን ሮቢንሰን በ1933 በጻፈችው መጽሐፍ በዝርዝር አሳይታለች። መንገዱን በምሳሌ እንሂድበት። ቁጥሮቹን ለማስረዳት የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ የየትኛውም አየር መንገድ ሒሳብ አይደሉም።

በመስመሩ ላይ ብቻውን የሚሠራ አንድ አየር መንገድ አለ እንበል። ለውጭ ጎብኚ ዋጋው 20,000 ብር ከሆነ ማንም አይሳፈርም፤ ከዚያ በታች ግን ዋጋው 200 ብር በቀነሰ ቁጥር አንድ ጎብኚ ይጨመራል። ለነዋሪ ደግሞ 8,000 ብር ላይ ማንም የለም፤ 100 ብር በቀነሰ ቁጥር አንድ ሰው ይጨመራል። አንድ ተጨማሪ መንገደኛ ማሳፈር፣ ነዳጁና መስተንግዶው ተደምሮ፣ ድርጅቱን 2,000 ብር ያስወጣዋል። ሁለቱ ወገኖች ለምን እንዲህ እንደሚለያዩ መገመት አይከብድም። ጎብኚው የዕረፍት ቀኖቹን ቆጥሮ የመጣ ሰው ነው፤ በመኪና ተጉዞ ከዚያ ላይ ሁለት ቀን ማጥፋት አይፈልግም። ነዋሪው ግን ዋጋው ሲጨምር አውቶቡስ አለለት፣ ወይም ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ያቆየዋል።

ድርጅቱ መጀመሪያ ለሁሉም አንድ ዋጋ፣ 7,000 ብር፣ ቆረጠ እንበል። 65 ጎብኚዎችና 10 ነዋሪዎች፣ በድምሩ 75 ሰዎች ይሳፈራሉ። ብዙ ሰው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ጋ ነው፦ እያንዳንዱ ትኬት 7,000 ብር ስለሚሸጥ እያንዳንዱ መንገደኛ 7,000 ብር ያስገባል ብሎ ያስባል። 65ኛውን ጎብኚ እንመልከተው። 64 ጎብኚዎች ብቻ ቢሆኑ ዋጋቸው 7,200 ብር፣ ገቢያቸው 460,800 ብር ይሆን ነበር። 65ኛውን ለማምጣት ዋጋው ለሁሉም ወደ 7,000 ወረደ፤ ገቢውም 455,000 ብር ሆነ። ሰውዬው 7,000 ብር ከፍሎ ድርጅቱን 5,800 ብር አከሰረው ማለት ነው! ኢኮኖሚስቶች ይህን የመጨረሻውን ሰው ተጨማሪ ገቢ «ኅዳጋዊ ገቢ» ይሉታል፤ እንዳየነው ከዜሮ በታችም ሊወርድ ይችላል።

በነዋሪዎች በኩል ያለው ተቃራኒው ነው። 10 ነዋሪዎች በ7,000 ብር 70,000 ብር ያስገባሉ። 11ኛውን ለመጨመር የነዋሪዎች ዋጋ ብቻ ወደ 6,900 ቢወርድ ገቢው 75,900 ብር ይሆናል፤ ተጨማሪው 5,900 ብር ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ዋጋውን መለየት ከቻለ አንዲት መቀመጫ ከጎብኚ ወስዶ ለነዋሪ ቢሰጥ በአንድ በኩል 5,800፣ በሌላ በኩል 5,900፣ በድምሩ 11,700 ብር ያተርፋል። አውሮፕላኑም ነዳጁም ያው ነው፤ የሰው ቁጥርም አልተለወጠም።

ታዲያ መቀመጫ ማዛወሩ እስከ መቼ ይቀጥላል? የሁለቱ ወገን የመጨረሻ መቀመጫ የሚያስገባው ገንዘብ እኩል እስኪሆን ድረስ ነው። በእኛ ምሳሌ ይህ የሚሆነው 45 ጎብኚዎችና 30 ነዋሪዎች ሲሳፈሩ ነው። ዋጋው ለጎብኚ 11,000፣ ለነዋሪ 5,000 ብር ይሆናል። 45ኛው ጎብኚ 2,200 ብር ይጨምራል፤ 46ኛው ቢመጣ 1,800 ብቻ ነው። 30ኛው ነዋሪ 2,100፣ 31ኛው 1,900 ብር ይጨምራል። ሁለቱም 2,000 ብር አካባቢ ተገናኝተዋል፤ ይህም አንድ ሰው ለማሳፈር ከሚወጣው ወጪ ጋር እኩል ነው። ከዚህ በኋላ መቀመጫ ወዲያ ወዲህ ማዛወርም ሆነ ሌላ ሰው መጨመር ትርፍ የለውም።

እኩል የሆነው ዋጋው እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ዋጋዎቹ ከእጥፍ በላይ ይለያያሉ። የሚያለያያቸው ገዢው ለዋጋ ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ፣ ማለትም ኢላስቲሲቲው ነው። የጎብኚው ዋጋ ከ11,000 ላይ 1 በመቶ ቢጨምር 1.22 በመቶ የሚሆኑት ጎብኚዎች ይቀራሉ፤ የነዋሪው ዋጋ ከ5,000 ላይ 1 በመቶ ቢጨምር ግን 1.67 በመቶ ነዋሪዎች ይቀራሉ። ኅዳጋዊ ገቢን ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ቀመር አጭር ነው፦

ኅዳጋዊ ገቢ = ዋጋ × (1 − 1 ÷ ኢላስቲሲቲ)

የጎብኚው 11,000 በዚህ ሲሰላ ወደ 2,000 ይመጣል፤ የነዋሪው 5,000 ደግሞ ልክ 2,000 ብር ይሰጣል። ቀመሩ አንድ ሌላ ነገርም ይነግረናል። ኢላስቲሲቲው ከ1 ካነሰ ኅዳጋዊ ገቢው ከዜሮ በታች ነው። በ7,000 ብር የጎብኚዎቹ ኢላስቲሲቲ 0.54 ገደማ ነበር፤ ለዚህ ነው 65ኛው ሰው ያከሰረው። ብቻውን የሚሸጥ ድርጅት በአንድ ገበያ ኢላስቲሲቲው ከ1 ባነሰበት ዋጋ ላይ ቆሞ ካገኙት ወይ ሒሳቡን አልሠራም፣ ወይም ዋጋውን የቆረጠለት ሌላ አካል አለ።

አሁን ወደ ፈረንጁ እንመለስ። ዋጋ መለየት ቢከለከል ድርጅቱ ምን ያደርጋል? የተማሪ ፈተና ላይ የሚጠበቀው መልስ «7,000 ብር ይቆርጣል» የሚል ነው፤ ሁለቱን ፍላጎቶች ደምረው ሲያሰሉ የሚገኘው እሱ ነውና። በ7,000 ብር ከ75 መንገደኞች የሚተርፈው፣ ወጪያቸው ተቀንሶ፣ 375,000 ብር ነው። ነገር ግን ነዋሪዎችን ጨርሶ ትቶ ለጎብኚ ብቻ በ11,000 ብር ቢሸጥስ? 45 ሰው፣ ከእያንዳንዱ 9,000 ብር፣ በድምሩ 405,000 ብር። ይህ ይበልጣል! ስለዚህ አንድ ዋጋ ብቻ እንዲኖረው የተገደደው ድርጅት 11,000 ብር ቆርጦ ነዋሪዎችን ያለ በረራ ያስቀራቸዋል። ሒሳቡን 7,000 ላይ ያቆመ ሰው ይህን አያይም፤ ከድምር ስሌቱ በተጨማሪ አንደኛውን ገበያ ዘግቶ መሞከር ግድ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ጎብኚው ዋጋው ቢለይም ባይለይም 11,000 ብር ይከፍል እንደነበር ነው። ከእሱ ተወስዶ ለነዋሪው የተሰጠ ምንም ነገር የለም። እንዲያውም ነዋሪው 2,000 ብር ለሚያስወጣ መቀመጫ 5,000 ብር ከፍሎ 3,000 ብር ያተርፍላቸዋል፤ 30 ነዋሪዎች 90,000 ብር ይጨምራሉ፣ ጠቅላላውም 495,000 ይሆናል። እንግዲህ ማን ለማን ከፈለ? አንድ ነገር ሲጨመር ብቻ መልሱ ይለወጣል። በረራው ሰው ኖረም አልኖረም የሚያስወጣው ቋሚ ወጪ፣ የአብራሪ ደመወዝና የአውሮፕላኑ ኪራይ፣ 450,000 ብር ነው እንበል። በጎብኚ ብቻ በረራው 45,000 ብር ይከስራል፤ ስለዚህ ይሰረዛል። በሁለቱም ሲሆን 45,000 ብር ያተርፋል። ያኔ ሁለቱም ወገኖች አንድ አውሮፕላን ተጋግዘው አነሡ ቢባል ትክክል ነው፤ ጎብኚው ብቻውን ተሸከመን ማለት ግን አሁንም ስሕተት ነው።

ተቃራኒውም እንዳለ መካድ አይቻልም። መንግሥት ድርጅቱን «ለሁሉም በ7,000 ብር ሽጥ» ብሎ ቢያስገድደው የሚሳፈረው ሰው ብዛት ያው 75 ነው። የሰው ፍላጎት እንደ ምሳሌያችን በቀጥታ መስመር ከወረደና በአንዱም ዋጋ ሁለቱ ገበያዎች ካልተዘጉ ጠቅላላው ብዛት እንደማይለወጥ ሮቢንሰን አሳይታለች። የሚለወጠው ማን እንደሚሳፈር ነው። በሁለት ዋጋ ጊዜ 10,000 ብር ለመክፈል የተዘጋጀ ጎብኚ ቀርቶ 5,000 ብር የሚከፍል ነዋሪ ይሄዳል። ይህን ፍትሕ የሚለውም፣ ብክነት የሚለውም ሰው አለ፤ እኔ እንደ ነዋሪ ገለልተኛ ነኝ ማለት አልችልም።

መቀመጫ ሲያጥር የሚሆነውም ይታይ። በዚያው ቀን 60 መቀመጫ ብቻ ያለው አነስተኛ አውሮፕላን ቢመደብ የሁለቱ ወገን የመጨረሻ መቀመጫ እኩል መሆኑ አይቀርም፤ ግን የሚገናኙት በ2,000 ሳይሆን በ4,000 ብር ነው። ጎብኚ 40፣ ነዋሪ 20 ይሆናል፤ ዋጋውም 12,000 እና 6,000። ከጠፉት 15 መቀመጫዎች አሥሩ የነዋሪ ናቸው። ትኬት ቢሮው ውስጥ «የአገር ውስጥ ታሪፍ አልቋል» ሲባሉ አውሮፕላኑ ሞልቷል ማለት ላይሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አጥሩ እስከቆመ ነው። ስኳር በሁለት ዋጋ ቢሸጥ በርካሽ የገዛው ለሌላው ይሸጠዋል፤ ልዩነቱም በሳምንት ይጠፋል። የአውሮፕላን ትኬት ግን ስም አለበት፣ በር ላይም መታወቂያ ይጠየቃል። አጥሩ ግን የሚለየው በፓስፖርት እንጂ በኢላስቲሲቲ አይደለም። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዛ ላስታ ያሉ እናቷን ልትጠይቅ የመጣች ከዋሽንግተን ያለች እኅታችን በወረቀት ጎብኚ ናት። የአንድ ወር ጊዜ አላት፣ አውቶቡሱን ታውቀዋለች፣ ወንድሟም በመኪና ሊወስዳት ይችላል። 11,000 ብር ሲሏት ትስቃለች፤ ድርጅቱም በ6,000 ብር ይሳፈር የነበረ ሰው ያጣል። ከውጭ በራሱ አየር መንገድ ተሳፍሮ የመጣ ሰው የአገር ውስጥ ትኬቱ የሚቀነስለት አሠራር ይህን ቀዳዳ በከፊል ይደፍናል፦ ጎብኚ የተባለውን አንድ ገበያ እንደገና ለሁለት ይከፍለዋል፣ መቀመጫዎቹንም እንደገና ከመጀመሪያው ያስቆጥራል።