አራተኛው ቡድን፦ ቀንና ሌሊት ለሚሠራ ፋብሪካ የፈረቃ አነዳደፍ

የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ማታ ተዘግቶ ጠዋት የሚከፈት ነገር አይደለም። በፋብሪካ ቋንቋ ክሊንከር የሚባለው፣ በኋላ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር የሚበስለው 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ነው። ምድጃው ድንገት ቆሞ ከቀዘቀዘ ውስጡን የሸፈነው እሳት ቻይ ጡብ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ መልሶ ቀስ እያሉ ማሞቁም ጊዜና ነዳጅ ይፈጃል። ስለዚህ በመቆጣጠሪያ ክፍሉም ሆነ በምድጃው አጠገብ በማንኛውም ሰዓት ተረኛ መኖር አለበት። ጥያቄው ይህን ተራ ሰውን ሳይጎዱ እንዴት ማከፋፈል ይቻላል የሚለው ነው።

ከሒሳቡ እንጀምር። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ቀኑን በሦስት የስምንት ሰዓት ፈረቃ ከፍለን ሦስት ቡድን ብንመድብ እያንዳንዱ ቡድን በሳምንት 56 ሰዓት ይደርሰዋል፤ ማለትም ሰባቱንም ቀን ይሠራል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ግን መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም፤ ሠራተኛውም በየሳምንቱ ሳይቋረጥ ከ24 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት ሊያገኝ ይገባል። ሦስት ቡድን ብቻ ያለው ፋብሪካ ይህን ዕረፍት የሚሰጥበት ክፍተት በሠንጠረዡ ላይ የለውም። አራተኛ ቡድን ሲጨመር 168 ለአራት ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ 42 ሰዓት ይደርሰዋል። በማንኛውም ሰዓት አንዱ ቡድን በሥራ ላይ ሲሆን፣ በየቀኑ ደግሞ ከአራቱ አንዱ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው።

ብዙ ሥራ አስኪያጅ እዚህ ላይ ወጪውን አስቦ ያፈገፍጋል። አንድን የሥራ ቦታ ብቻ ወስደን እንየው። በሦስት ሰው ሲሸፈን እያንዳንዱ የ48 ሰዓት ደመወዙን ያገኛል። ቀሪው 8 ሰዓት በዕረፍት ቀኑ የሚሠራው ስለሆነ በአዋጁ መሠረት በእጥፍ ይከፈለዋል፤ ይህም 16 ሰዓት ይሆናል። 48 እና 16 ተደምሮ 64፣ በሦስት ሰው ሲባዛ 192 የሰዓት ክፍያ ነው። አሁን ደግሞ አራት ሰው ቀጥረን፣ 42 ሰዓት ብቻ ሠርተው ሙሉውን የ48 ሰዓት ደመወዝ ብንከፍላቸው፣ አራት ጊዜ 48 ያው 192 ይሆናል። በእርግጥ አራተኛው ሰው ጡረታ፣ የሥራ ልብስ፣ ሰርቪስና ሥልጠና ስለሚጠይቅ ጥቂት ይጨምራል። የደመወዙ ሒሳብ ግን እኩል ነው። ፋብሪካው በአንደኛው መንገድ ለድካም የሚከፍለውን ብር በሌላኛው ለዕረፍት ይከፍለዋል። ከዚህም በላይ በዕረፍት ቀን ማሠራት በሕጉ ለልዩ ሁኔታ የተፈቀደ እንጂ በየሳምንቱ የሚደገም ልማድ ሊሆን አይችልም።

አራቱ ቡድኖች ከተሟሉ በኋላ ተራው በምን ቅደም ተከተል ይዙር? ለአገራችን ሕግ በጣም የሚስማማው ቀላል አዙሪት ስምንት ቀን የሚፈጅ ነው፦ ሁለት ቀን ጠዋት፣ ሁለት ቀን ከሰዓት፣ ሁለት ቀን ሌሊት፣ ሁለት ቀን ዕረፍት። የጠዋቱ ፈረቃ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 8፣ የከሰዓቱ ከ8 እስከ ምሽቱ 4፣ የሌሊቱ ከ4 እስከ ንጋቱ 12 ነው። አራቱ ቡድኖች በሁለት ሁለት ቀን እየተበላለጡ ይጀምራሉ፦

| ቡድን | ቀን 1–2 | ቀን 3–4 | ቀን 5–6 | ቀን 7–8 |
|---|---|---|---|---|
| ሀ | ጠዋት | ከሰዓት | ሌሊት | ዕረፍት |
| ለ | ዕረፍት | ጠዋት | ከሰዓት | ሌሊት |
| ሐ | ሌሊት | ዕረፍት | ጠዋት | ከሰዓት |
| መ | ከሰዓት | ሌሊት | ዕረፍት | ጠዋት |

ሠንጠረዡን ወደ ታች ያነበበ ሰው በእያንዳንዱ ዓምድ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ሌሊትና ዕረፍት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ መኖራቸውን ያያል። አንዱ ሁለት ጊዜ ከተገኘ ሌላው ጎድሏል፤ ያን ቀን ፋብሪካው ያለ ተረኛ የሚያድርበት ፈረቃ አለ ማለት ነው። ወደ ጎን ሲነበብ ደግሞ የአንድ ሠራተኛ ሕይወት ይታያል። ከማንኛውም ቀን ተነስተን ሰባት ተከታታይ ቀን ብንቆጥር ከስድስት ፈረቃ በላይ አናገኝም፤ ስለዚህ 48 ሰዓት የሚለው ጣሪያ በየትኛውም ሳምንት አይጣስም። ዑደቱ ስምንት፣ ሳምንቱ ሰባት ቀን በመሆኑ የዕረፍቱ ቀን በየዙሩ አንድ ቀን ወደፊት ይገፋል። በስምንት ሳምንት ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት እሑድ፣ ሁለት ዓርብ፣ ከሌሎቹም ቀናት ሁለት ሁለት ዕረፍት ያገኛል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ሆነ መስጊድ የሚሄደው እኩል ይደርሰዋል፤ እሑድን ለራሱ የሚያስቀር ቡድን አይኖርም።

በአውሮፓ ፋብሪካዎች የሚታወቀው ሌላው ዓይነት ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በአራት ሳምንት ይዞራል። አማካዩ ያው 42 ሰዓት ሲሆን፣ በየአራት ሳምንቱ ከዓርብ እስከ እሑድ የተያያዘ ዕረፍት ስለሚሰጥ ቤተሰብ ያላቸው ይወዱታል። ነገር ግን ሰባት ፈረቃ በተከታታይ ያሠራል፤ ከአራቱ ሳምንታት በአንዱም ሰዓቱ 56 ይደርሳል፣ በሌላው ደግሞ ወደ 32 ይወርዳል። ይህን የመረጠ ፋብሪካ አማካዩን ብቻ አይቶ መርካት የለበትም፤ በዚያ በከባዱ ሳምንት የሕጉ ሳምንታዊ ዕረፍት የት እንደሚገባ አስቀድሞ መመለስ አለበት።

ከቀኖቹ ብዛት ይልቅ ሰውን የሚያደክመው የአዙሪቱ አቅጣጫ ነው። ከላይ ባለው ሠንጠረዥ ተራው ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት ይሄዳል። ቀን 2 በ8 ሰዓት የወጣ ሠራተኛ ቀን 3 በ8 ሰዓት ይገባል፤ በመካከሉ ሙሉ 24 ሰዓት አለው። አቅጣጫው ቢገለበጥ ግን ማታ በ4 ሰዓት ከፋብሪካ የወጣው ሰው ንጋት 12 ላይ ተመልሶ መግባት ይኖርበታል። መሐሉ ስምንት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ላይ የሰርቪሱ መንገድ፣ እራቱና መታጠቡ ሲቀነስ ለእንቅልፍ አራት ወይም አምስት ሰዓት ቢተርፈው ነው። የሰውነታችን የውስጥ ሰዓትም ከ24 ሰዓት ጥቂት ይረዝማል፤ ስለዚህ ዘግይቶ መተኛት ቀድሞ ከመተኛት ይቀለዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ቻርልስ ሳይስለርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ዩታ ግዛት በሚገኝ የማዕድን ፋብሪካ ያደረጉትን ጥናት በሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። በየሳምንቱ ወደ ኋላ ይዞር የነበረው ፈረቃ ወደ ፊት እንዲዞርና በየሦስት ሳምንቱ ብቻ እንዲለወጥ ሲደረግ የሠራተኛው እርካታና ጤንነት፣ የፋብሪካውም ምርት ተሻሽሏል።

የሌሊቱ ፈረቃ ሁለት ቀን ብቻ የሆነውም በምክንያት ነው። ቀን የሚተኛ ሰው በብርሃኑ፣ በሙቀቱና በቤቱ ጫጫታ ምክንያት እንቅልፉ አጭር ይሆናል፤ ጉድለቱም ከሌሊት ወደ ሌሊት ይከማቻል። ሳይመን ፎልካርድና ፊሊፕ ታከር እ.ኤ.አ. በ2003 የተለያዩ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲያሰሉ፣ በአራተኛው ተከታታይ ሌሊት የአደጋ ዕድል ከመጀመሪያው ሌሊት በሲሶ ገደማ በልጦ አግኝተውታል። እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ሠንጠረዡ ሁለት የዕረፍት ቀን ቢያሳይም ሠራተኛው የመጨረሻውን ሌሊት ጨርሶ የሚወጣው ቀን 7 ንጋት ላይ ነው። ያ ቀን በእንቅልፍ ያልፋል፤ ለልጆቹና ለጉዳዩ የሚተርፈው ቀን 8 ነው። ቀን 7ን ለስብሰባ ወይም ለሥልጠና የሚጠራ አለቃ ዕረፍቱን በግማሽ ቆርጦበታል።

በወረቀት ላይ ያማረ ፈረቃ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በመቅረት ነው። አሥር የሥራ ቦታ ያለው ክፍል አራት ቡድን ሲያዋቅር 40 ሰው በቂ ይመስለዋል። አንድ የሥራ ቦታ ግን በዓመት 8,760 ሰዓት ሽፋን ይፈልጋል። በሳምንት 42 ሰዓት የተመደበ ሠራተኛ በዓመት 2,190 ሰዓት ይደርሰዋል፤ ከዚህ ላይ በመጀመሪያው ዓመት የሚገባው የ16 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ ለሕመምና ለሥልጠና ደግሞ አሥር ቀን ቢቀነስ የሚቀረው 1,982 ነው። 8,760ን ለዚህ ስናካፍል 4.4 ሰው ይወጣል፤ ለአሥር ቦታ 44 ሰው ማለት ነው። አራቱ ተጨማሪ ሰዎች በየቡድኑ አንድ አንድ ይመደባሉ፤ ከአንድ በላይ የሥራ ቦታ የሚችሉ መሆን አለባቸው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ማሠራትም በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ እሷን ወደ ቀን ሥራ ማዛወር የሚቻለውም እንዲህ ያለ ተተኪ ሲኖር ነው።

ተተኪ የሌለው ፋብሪካ አንድ ሰው ሲቀር ወጪውን ተረኛ ሌላ ስምንት ሰዓት ያስቀጥለዋል። አሥራ ስድስት ሰዓት የቆመ ሰው ለራሱም ለማሽኑም አደገኛ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከአራት ሰዓት እንዳይበልጥ የሚለውንም ሕግ ይጥሳል። ግድ ከሆነ የሚሻለው የጎደለውን ፈረቃ ለሁለት መክፈል ነው፦ የሚወጣው አራት ሰዓት ይቆያል፣ የሚገባው አራት ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። ይህም ቢሆን የአንድ ቀን መፍትሔ ነው።

ርክክብም የራሱን ጊዜ ይፈልጋል። ሦስት ጊዜ ስምንት ልክ 24 ስለሚሆን በፈረቃዎቹ መካከል ቅንጣት መደራረቢያ የለም። ገቢው 15 ደቂቃ ቀድሞ ገብቶ የምድጃውን ሙቀት፣ የተጀመረውን ጥገና፣ የተዘጋውን መሣሪያ ከወጪው ጋር በቦታው ቆሞ ሊረከብ ይገባል። ይህ በሳምንት በአማካይ 80 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ የሥራ ሰዓት ስለሆነም ሊከፈል ይገባዋል። ካልተከፈለ ሰዉ በሰዓቱ ይገባል፣ በሰዓቱ ይወጣል፤ መረጃውም በመሐል ይጠፋል።

አዲሱ ፈረቃ ከተጀመረ በኋላ መሥራት አለመሥራቱን የሚናገሩት ሁለት መዝገቦች ናቸው። አንደኛው የትርፍ ሰዓት መዝገብ ነው፤ በየወሩ የእነዚያው ጥቂት ሰዎች ስም ከተደጋገመ የተተኪው ቁጥር አንሷል ማለት ነው። ሁለተኛው የተራ መለዋወጫ ቅጽ ነው። ሠራተኞች እርስ በርስ ሲቀያየሩ አንዱ አራትና አምስት ሌሊት በተከታታይ ሊሰበስብ ይችላል፤ ስለዚህ አለቃው ከመፈረሙ በፊት የዚያን ሰው ያለፉትንና የሚመጡትን ሰባት ቀናት መቁጠር አለበት። ከስድስት ፈረቃ ወይም ከሁለት ሌሊት በላይ የሚወጣ ከሆነ፣ ጠያቂው ምንም ያህል ቢለምን ቅጹ ሳይፈረም ይመለሳል።