ጠርዙ ሳያርር ነጩ የረጋ፣ አስኳሉ ያልደረቀ እንቁላል እንዴት ይጠበሳል?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚህ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም አንድ ደረጃ የምንጋራ ጎረቤቴ መጥበሻዋን እንደያዘች በሬን አንኳኳች። "ዶክተር፣ እስቲ ይሄን እየው። ዳሩ አሮ መሃሉ ጥሬ የሚሆንብኝ ለምንድነው?" እውነቷን ነው፤ ዳሩ ቡናማ ሆኖ እንደ ወረቀት ደርቋል፣ አስኳሉን የከበበው ነጭ ግን ገና ይዝለገለጋል።

ሁለት ችግር ይመስላል እንጂ ምክንያቱ አንድ ነው፦ እሳቱ በዝቷል፣ ሙቀቱም የሚመጣው ከታች ብቻ ነው። የእንቁላል ነጭ 62 ዲግሪ አካባቢ መርጋት ይጀምርና 80 አካባቢ ጠንከር ይላል። ቡናማ የሚሆነው ግን ውሃው ተንኖ ካለቀ በኋላ፣ ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ስስ የሆነው ጠርዝ ውሃውን ቶሎ ይጨርስና ያርራል። አስኳሉ ሥር ያለው ወፍራም ነጭ ደግሞ ሙቀቱ ገና አልደረሰውም። እሳት ብትጨምሩ ጠርዙን ነው የምታሳርሩት።

ስለዚህ አብረን እንደገና ጠበስን። መጀመሪያ እንቁላሉን ስኒ ውስጥ ሰበርነው። ሱቅ የቆየ እንቁላል ነጩ ይቀጥናል፤ መጥበሻ ላይ ሲፈስ ይንጣለልና ያ ስስ ጠርዝ ነው የሚያርረው። አስኳሉ ጉብ ብሎ ነጩ ዙሪያውን ከተሰበሰበ ለዚህ አጠባበስ ይሆናል። ከተንጣለለ ለፍርፍር አቆዩት፣ ከሸተተ ደግሞ ጣሉት።

የማይዝ ትንሽ መጥበሻ በዝቅተኛ እሳት ለሁለት ደቂቃ ያህል አሞቅን። ዘይት ከመግባቱ በፊት አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት፦ እየዘለለ ከተንጫጫ በጣም ግሏል፣ ዝም ብሎ ቀስ እያለ ከተነነ ልክ ነው። ውሃው ሲደርቅ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረን እንቁላሉን ከስኒው በቀስታ አፈሰስነው። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡት። "ቸስ" ካለ መጥበሻውን ወዲያው ከምድጃው አንሱት፤ ያ ድምፅ የጠርዙ ውሃ እየፈላ መሆኑን ነው የሚነግራችሁ።

አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ የታችኛው ነጭ ወተት ሲመስል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ በመጥበሻው ዳር ጠብ አድርገን ከደንነው። ዋናው ዘዴ ይሄ ነው። እንፋሎቱ ነጩን ከላይ ያበስለዋል፣ ውሃው እስካለ ድረስም ጠርዙ ለመቅላት አይደርስም። ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ 2334 ሜትር ላይ ስለሆነ በእኛ አካባቢ ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እንፋሎታችን ለዘብ ያለ ነውና የውጭ ቪዲዮ ላይ "አንድ ደቂቃ ክደኑት" ሲሉ ብትሰሙ ትንሽ ጨምሩበት። የእኛ ሁለት ደቂቃ ያህል ወሰደ።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ያላችሁ ልክ ስትከድኑ አጥፉት። ሽቦው ቶሎ ስለማይበርድ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። (እኔ ይሄን እስካውቅ ስንት እንቁላል እንዳሳረርኩ አትጠይቁኝ።)

መድረሱን ለማወቅ መጥበሻውን ነቅነቅ አድርጉት። ነጩ ሳይንቀሳቀስ አስኳሉ ብቻ ከተንቀጠቀጠ፣ ዙሪያውም ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ካልቀረ ደርሷል። ቶሎ ወደ ሳህን አውጡት፤ መጥበሻው ላይ ከተዋችሁት አስኳሉም ይደርቃል።

ጎረቤቴ ልትቆርስ ስትል ግን "አንቺ ቆይ" አልኳት። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አስኳል መወፈር የሚጀምረው 65 ዲግሪ ላይ ሆኖ 70 አካባቢ ይረጋል፤ ሳልሞኔላ ወዲያው ይሞታል የምንለው ደግሞ 71 ላይ ነው። ማለትም ሲቆረጥ የሚፈስ አስኳል እዚያ ሙቀት አልደረሰም። ጀርሙ እንቁላሉ ዶሮዋ ውስጥ እያለ ሊገባበት ስለሚችል ቅርፊቱን ማጠብ ይሄን አያስቀርም። ጤነኛ አዋቂ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ቀን ተቅማጥ፣ ትኩሳትና ቁርጠት ሆኖ ያልፋል። ነፍሰ ጡር፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ አረጋዊ፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ላይ ግን ሊከብድ ይችላል። እነሱ የሚፈስ አስኳል ባይበሉ ይሻላል። እንቁላል ከበላችሁ በኋላ ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ ትኩሳቱ ከፍ ካለ ወይም ውሃ እንኳ አልረጋ ካላችሁ ቤት አትቆዩ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ያኛውን ባሏ በላው። የእሷን አስኳሉን በሹካ ወጋ አድርገን፣ ገልብጠን፣ እሳቱን ሳንጨምር ሁለት ደቂቃ ደግመን ከደንነው። ስትቆርሰው መሃሉ የሚያብለጨልጭ ነገር የለውም፣ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ፍርፍር ይላል። ጠርዙም አላረረም።