ከሁለተኛው ራውተር ጀርባ ያለው ሰርቨር

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መጋዘኑ ምድር ቤት የሆነ አንድ አስመጪ ድርጅት እንውሰድ። ኢንተርኔቱ የሚገባው በቢሮው ራውተር ነው፤ አድራሻው 192.168.1.1። መጋዘኑ ሲሰፋ ሌላ ራውተር ተገዛለትና ከቢሮው ስዊች ገመድ ተሳበለት። ይህ ሁለተኛው ራውተር ወደ ቢሮው በኩል 192.168.1.2 ነው፤ ከጀርባው ደግሞ 192.168.20.0 የሚባል የራሱ ሰብኔት አለው። የዕቃው መዝገብ ያለበት ሰርቨር እዚያ ተቀምጧል፤ አድራሻው 192.168.20.10።

የመጋዘኑ ሰዎች ቢሮ ባለው ፕሪንተር ያትማሉ። ሒሳብ ክፍል ግን ሰርቨሩን መክፈት አቃተው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ገመዱን ነው። ገመዱ ቢበላሽ ኖሮ ግን መጋዘኑም ባላተመ ነበር።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር 192.168.20.10 ከራሱ ሰብኔት ውጭ መሆኑን ሲያይ ፓኬቱን ለቢሮው ራውተር ይሰጣል። ራውተሩ ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ያውቃል፤ 192.168.1.0 እዚሁ አጠገቡ እንዳለ፣ የቀረው ሁሉ ወደ ኢንተርኔት እንደሚሄድ። ስለዚህ ምድር ቤት መድረስ የነበረበትን ፓኬት ወደ ውጭ ይልከዋል። እንዲህ ያለ የውስጥ አድራሻ ኢንተርኔት ላይ መንገድ ስለሌለው ፓኬቱ እዚያው ይጠፋል። ከሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ላይ `tracert -d 192.168.20.10` ብትሉ የመጀመሪያው መስመር 192.168.1.1 ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ የኢንተርኔት አቅራቢው አድራሻ ወይም ኮከብ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ይኸው ነው።

ስታቲክ ራውት ለቢሮው ራውተር የጎደለውን አንድ መስመር በእጅ መጻፍ ነው፤ ወደ 192.168.20.0 የሚሄደውን ሁሉ ለ192.168.1.2 ስጥ። በሚክሮቲክ ራውተር ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

```
/ip route add dst-address=192.168.20.0/24 gateway=192.168.1.2
```

በሌሎች ራውተሮች ገጽ ላይ መድረሻው፣ ማስኩና ጌትዌዩ ለየብቻ ይሞላሉ፤ ማስኩ 255.255.255.0 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጌትዌዩ ላይ ነው፤ የመጋዘኑን ራውተር የውስጥ አድራሻ 192.168.20.1 ይጽፋል። የቢሮው ራውተር ግን የሚፈልገው ወደዚያ ሰብኔት የሚወስደውን መንገድ ነው፤ ጌትዌዩ ራሱ እዚያው ውስጥ ከሆነ በምን ይደርስበታል? ጌትዌይ የሚሆነው በቅርቡ ያለው አድራሻ ብቻ ነው። ያ አድራሻ ደግሞ በእጅ የተሰጠ ይሁን፤ በራሱ ጊዜ የሚቀያየር ከሆነ መስመሩ አንድ ቀን ባዶ ቦታ ያመለክታል።

የመጋዘኑ ራውተርም መስተካከል አለበት። ከሱቅ እንደተገዛ ሲተከል `NAT` ይሠራል፤ የመጋዘኑን ኮምፒውተሮች በራሱ አድራሻ ይሸፍናቸዋል። መጋዘኑ ማተም የቻለውም በዚሁ ነው። ከቢሮው በኩል የሚመጣን ጥያቄ ግን ፋየርዎሉ ይመልሳል። እዚያ `NAT` ይጥፋ፤ ከ192.168.1.0 የሚመጣውም ይፈቀድ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ መጀመሪያ ስታቲክ ራውቱ፣ ከዚያ `NAT` ማጥፋቱ። ከተገለበጠ የመጋዘኑ ኢንተርኔት ወዲያው ይቋረጣል፤ የቢሮው ራውተር መልሱን ወዴት እንደሚልክ አያውቅምና። ዋናው ራውተርም 192.168.20.0ን ጭምር ወደ ኢንተርኔት እንዲያወጣ መታዘዝ አለበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ `ping` ይመልሳል፤ የሰርቨሩ ገጽ ግን ላይከፈት ይችላል። ባለሙያን ሳይቀር ቀናት የሚያስፈጅ ችግር ይህ ነው። ጥያቄው በቢሮው ራውተር በኩል ይሄዳል፤ መልሱ ግን አያልፍበትም። የመጋዘኑ ራውተር ከሠራተኛዋ ኮምፒውተር ጋር በአንድ ሰብኔት ላይ ስላለ በቀጥታ ይሰጣታል። የቢሮው ራውተር ፋየርዎል የንግግሩን ግማሽ ብቻ ስለሚሰማ ቀጣዩን ፓኬት ያልተሟላ ነው ብሎ ይጥለዋል።

ዋናው ራውተር ትርፍ ቀዳዳ ካለው እኔ ከመጀመሪያው የምመርጠው ሁለቱን ራውተሮች ለብቻቸው ማገናኘትን ነው። ገመዱ ከስዊቹ ወጥቶ በቀጥታ ዋናው ራውተር ላይ ይሰካ። አንዱ ጫፍ 10.0.0.1፣ ሌላው 10.0.0.2 ይሁን፤ ማስኩ 255.255.255.252። የስታቲክ ራውቱ ጌትዌይ 10.0.0.2 ይሆናል፤ የመጋዘኑ ራውተር ጌትዌይም 10.0.0.1። ያን ጊዜ መሄጃውም መመለሻውም በአንድ መንገድ ነው።

ሲጨርሱ `tracert` ሦስት መስመር ያሳያል፤ 192.168.1.1፣ 10.0.0.2፣ በመጨረሻም 192.168.20.10። ያንን የስታቲክ ራውት መስመር በወረቀት ጽፋችሁ ራውተሩ አጠገብ ለጥፉ፤ ራውተሩ ሪሴት የተደረገ ቀን አብሮ ይጠፋል።