ዓይን አፋሩ እንግዳና የውሃው ተራ

ለአገሩ እንግዳ፥ ለሰው ባዳ የሆነ ልጅ ወዳጅን እንዴት ያገኛል? ብዙ ሰዎች ወዳጅ የሚያገኝ ደፍሮ የሚናገር ብቻ ይመስላቸዋል። ዓይን አፋር ልጅም ይህን ሰምቶ ተስፋ ይቈርጣል። ነገር ግን ለእርሱ የሚስማማ ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም በአንድ ስፍራና በአንድ ሰዓት ከእነዚያው ሰዎች ጋራ ደጋግሞ መገናኘት ነው። ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በአንድ ልጅ ምሳሌ እንመልከት።

አንድ ልጅ ከመንዝ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በአክስቱ ቤት ተቀመጠ። በአገሩ ሳለ ሰው ሁሉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀው ስለ ነበረ፥ ወዳጅ መፈለግን አልተማረም ነበር። በመጣ በማግስቱ ልጆች በጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ አይቶ ቀረበ፤ ነገር ግን ምላሱ ተሳሰረና ቃል ሳይናገር ተመለሰ። በሌላ ቀን ከረሜላ ገዝቶ አደላቸው፤ እነርሱም በልተው ሄዱ። በዚያች ሌሊት፥ «እትዬ፥ እባክዎ ወደ አገሬ ይመልሱኝ» ብሎ አለቀሰ።

አክስቱም እንዲህ አለችው፦ «ልጄ፥ ወዳጅ መፈለጉን ለጊዜው ተወው። ከነገ ጀምሮ በየማለዳው በ1 ሰዓት ከቦኖው ውሃ ትቀዳልኛለህ። ከተራው ስትደርስ ‹እንደምን አደራችሁ› በል፤ ሌላ ነገር ባትናገር ግድ የለም። ሰዓቱን ግን አትለውጥ፤ ሰዓቱን ከለወጥህ የምታገኘው ሰው ሁልጊዜ አዲስ ይሆንብሃል።»

በቦኖው ዘንድ ሰዎች ጀሪካናቸውን በተርታ አቁመው ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ሰላምታ ሰጥቶ ዝም ብሎ ቆመ፤ ከአንዲት ባልቴት በቀር የመለሰለት አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ከፊቱ የሚቆመው ልጅ፥ «ክዳን የሌለው ጀሪካን ያንተ ነው?» ብሎ ጠየቀው። እርሱም «አዎን» አለ። በዚያ ቀን የተነጋገሩት ይኸው ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ያው ልጅ፥ «ዳቦ ገዝቼ እስክመለስ ተራዬን ጠብቅልኝ» አለው፤ ጠበቀለትም። ያም በተመለሰ ጊዜ ጀሪካኑን አንሥቶ አሸከመው።

ከዚህ በኋላ የመንዙ ልጅ ታሞ ሁለት ቀን ቀረ። ተሽሎት በመጣ ጊዜ ያ ልጅ፥ «የት ጠፋህ?» አለው። ልጆች ሆይ፥ ምልክቱ ይህ ነው። ስትቀሩ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ፥ ለእርሱ እንግዳ መሆናችሁ ቀርቷል። በዚያው ቀን ማታ ልጁ ወደ ኳሱ ጨዋታ ተጠራ፤ ከዚያም ወዲያ ወደ አገሩ መመለስን አላነሣም።

የዚህ ምክንያቱ ምንድር ነው? ሰው የማያውቀውን ፊት ይጠራጠራል፤ ያንኑ ፊት ያለ ጕዳት ደጋግሞ ሲያየው ግን ጥርጣሬው ይለቀዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ሞርላንድና ቢች የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በአሜሪካ አገር ይህን ፈተኑ። ከአራት ሴቶች አንዲቱ ወደ አንድ የትምህርት ክፍል ከቶ አልገባችም፤ ሌሎቹ ግን 5 ጊዜ፥ 10 ጊዜና 15 ጊዜ እየገቡ ዝም ብለው ተቀመጡ። በመጨረሻ ተማሪዎቹ የአራቱን ሥዕል ሲያዩ፥ አብዝታ የገባችውን አብልጠው ወደዱ፤ ከአንዲቱም ጋራ ግን አልተነጋገሩም ነበር።

ነገር ግን መታየት በሩን ይከፍታል እንጂ ወዳጅነትን አይፈጽምም። ተራ እንደ መጠበቅ ያለ ትንሽ ውለታ ሊከተለው ይገባል። ደግሞም ከመጀመሪያው የሚያፌዝባችሁን ሰው ደጋግሞ ማየት ጥላቻን ያበዛል እንጂ ፍቅርን አያመጣም፤ ከእንዲህ ያለው ራቅ ብላችሁ ከሌላ ሰው አጠገብ ቁሙ።

ጊዜም ያስፈልጋል። ጄፍሪ ሆል የሚባል የአሜሪካ መምህር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 እንደ ጻፈው፥ በትልልቅ ሰዎች ዘንድ ትውውቅ ቀለል ያለ ወዳጅነት እስኪሆን 50 ሰዓት ያህል አብሮ መዋል ይፈልጋል፤ ለልብ ወዳጅ ግን ከ200 ሰዓት በላይ ነው። በቦኖው ዘንድ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢቆም፥ 50 ሰዓት የሚሞላው በ100 ቀን ነው። የኳሱ ጨዋታ ሲጨመርበት ግን ቀኑ ያጥራል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ማንም ባያናግረው፥ ልጁ ተጠላሁ ሊል አይገባውም ነበር፤ ገና ከ100 ቀን ሦስቱን ብቻ ቈጥሮ ነበርና።