ሦስት ሺህ ዙር፣ ግን በየትኛው ሮተር?

ደምዎን ሰጥተው ውጤት ሲጠባበቁ፣ ቱቦው መጀመሪያ የሚገባው ሴንትሪፊውጅ የተባለው ማሽን ውስጥ ነው። ማሽኑ በፍጥነት እየተሽከረከረ የደም ሴሎችን ወደ ታች ይጥልና ሴረም የሚባለውን ቢጫ ፈሳሽ ከላይ ያስቀራል። ባለሙያው አጠገብ ብዙ ጊዜ አንድ ማስታወሻ አይጠፋም፦ «3,000 ዙር በደቂቃ፣ ለ10 ደቂቃ»። ይህ ማስታወሻ ዋናውን ነገር ይዘለዋል።

ሴሎቹን ወደ ታች የሚገፋቸው የዙሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ቱቦው ከመሽከርከሪያው መሐል ያለው ርቀትም ነው። ወንጭፍ የወነጨፈ ሰው ያውቀዋል፤ ክንዱን እኩል ቢያዞርም ገመዱ ሲረዝም ድንጋዩ ይበረታል። ስለዚህ ጉልበቱ የሚለካው በመሬት ስበት ነው። 1,000 g ማለት ናሙናው ከስበት ሺህ እጥፍ በሆነ ኃይል ተገፋ ማለት ነው። ስሌቱ ይህ ነው፦

```
RCF = 0.00001118 × r × rpm²
```

r ከመሐል እስከ ቱቦው ግርጌ ያለው ርቀት በሴንቲ ሜትር፣ rpm ደግሞ በደቂቃ የሚዞረው ብዛት ነው። ዙሩ በራሱ ስለሚባዛ ፍጥነቱን እጥፍ ማድረግ ጉልበቱን አራት እጥፍ ያደርገዋል።

አንድ ላብራቶሪ ሁለት ማሽን አለው እንበል። ትንሹ የጠረጴዛ ማሽን 8 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ትልቁ 17 ሴንቲ ሜትር አለው። ሁለቱም በ3,000 ዙር ቢነሱ ትንሹ 805 g፣ ትልቁ 1,710 g ገደማ ይሰጣል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ተለያየ። በውስጣቸው ጄል ያለባቸው የሴረም ቱቦዎች በተለምዶ የሚፈልጉት ከ1,000 እስከ 1,300 g ነው፤ ስለዚህ አንደኛው ማሽን ያንሳል፣ ሌላኛው ያልፋል። 1,200 g ለማግኘት ትንሹ ወደ 3,660 ዙር፣ ትልቁ ደግሞ ወደ 2,510 ዙር መሞላት አለበት። (የትንሹ ሮተር ላይ የተጻፈውን የፍጥነት ጣሪያ ግን አስቀድሞ ማየት ግድ ነው፤ ከዚያ ማለፍ አደጋ ያስከትላል።)

ጉልበቱ ተስተካከለ ማለት ግን ሁለቱ ማሽኖች አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ ማለት አይደለም። ትንሹ ማሽን ቱቦውን አጋድሞ የሚይዝ፣ ማዕዘኑ የማይለወጥ ሮተር አለው። የትልቁ ሮተር ግን ባልዲ የሚመስሉ መያዣዎች አሉት፤ ማሽኑ ሲነሳ ተዘርግተው ወደ ጎን ይተኛሉ።

ልዩነቱ ጄሉ ላይ በዓይን ይታያል። ጄሉ ከሴረም የሚከብድ፣ ከሴሎች ግን የሚቀል ስለሆነ ሲሽከረከር መሐላቸው ገብቶ ክዳን ይሆናል። በሚዘረጋው ሮተር ክዳኑ ዝርግ ሆኖ ይቀመጣል። በማይለወጠው ግን አግድሞ ይቆምና አንዱ ጎኑ ይሳሳል። በሳሳው በኩል ሴሎች ከሴረሙ ጋር ከተገናኙ፣ በውስጣቸው በብዛት ያለው ፖታሲየም ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ጤነኛው ሰው ፖታሲየሙ ከፍ ያለ ይመስላል። የቱቦ አምራቾች ለማይለወጠው ሮተር 10 ደቂቃ ሳይሆን 15 ደቂቃ የሚጠይቁት አለምክንያት አይደለም። ምርጫ ካለ ለጄል ቱቦ የሚዘረጋውን እመርጣለሁ። ትንንሽ ቱቦዎችን ከ10,000 g በላይ አዙሮ ዝቃጭን ከቱቦ ጎን ላይ ለመጣል ግን ጠንካራው፣ ማዕዘኑ የማይለወጠው ሮተር ይሻላል።

ጄሉ ጥሩ አልተቀመጠም ተብሎ ያው ቱቦ እንደገና መሽከርከር የለበትም። ከጄሉ በታች ቀርቶ ፖታሲየም የጠጣው ሴረም ሁለተኛው ዙር ላይ ወደ ላይ ሊወጣና ከንጹሑ ጋር ሊቀላቀል ይችላል።

ርቀቱ ራሱ ሲለካም ስሕተት ይደርሳል። የሚዘረጋው ሮተር ቆሞ ሳለ መያዣዎቹ ወደ ታች ስለሚንጠለጠሉ፣ በማስመሪያ የሚለካው ርቀት ከእውነተኛው በእጅጉ ያንሳል። መያዣውን በእጅ አንስቶ ወደ ጎን ካስተኙ በኋላ ከመሐሉ እስከ ቱቦው ግርጌ መለካት ያስፈልጋል። አጭር ቱቦ ከሥሩ ድጋፍ ተደርጎለት ከፍ ብሎ ከተቀመጠም ርቀቱ ያጥራል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። የማሽኑ መመሪያ የሮተሩን ርቀት ከጻፈ ማስመሪያው አያስፈልግም።

አዳዲሶቹ ማሽኖች g ን በቀጥታ ያሳያሉ፤ ስሌቱን የሚሠሩት ግን ሮተሩ ይህ ነው ተብሎ በተሞላላቸው ኮድ ነው። አንዳንዶቹ ሮተሩን ራሳቸው ይለያሉ፣ ሌሎቹ አይለዩም። ሮተሩ ተቀይሮ ኮዱ ካልተቀየረ ማሽኑ 1,200 ብሎ እያሳየ በእርግጥ የሚሠራው በሌላ ጉልበት ነው፤ የሚያስጠነቅቅ መብራትም አይበራም።