ዴሪቬቲቭ ሳንደጋግም ቴይለር ሲሪስ እንዴት እናገኛለን?

ከደጎሎ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ለፈተና ሲዘጋጅ ደብተሩን አሳየኝ። የ `e^(-x²)`ን ቴይለር ሲሪስ በ0 ዙሪያ እስከ `x⁶` ለማግኘት ገጽ ተኩል ጨርሷል፤ አራተኛው ዴሪቬቲቭ ላይ ግን አንድ ምልክት ተሳስቶ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተበላሽቶበታል።

ቢሳሳት አይገርምም። የመጀመሪያው ዴሪቬቲቭ `-2x·e^(-x²)` ነው፤ ቀላል ነው። አራተኛው ግን `(16x⁴ - 48x² + 12)·e^(-x²)` ይሆናል። ስድስተኛው ላይ እስክትደርሱ ድረስ ቅንፉ እየረዘመ ይሄዳል።

እስቲ በሌላ መንገድ እንሞክር። ይህን ሲሪስ ታውቁታላችሁ፦

`e^u = 1 + u + u²/2! + u³/3! + ...`

አሁን በ`u` ቦታ `-x²` አስገቡ፦

`e^(-x²) = 1 - x² + x⁴/2 - x⁶/6 + ...`

በቃ፣ አለቀ! እንፈትሸው። `x = 0.5` ብትሉ አራቱ ቃላት 0.7786 ይሰጣሉ፤ ካልኩሌተር ደግሞ 0.7788 ይላል።

«ታዲያ ይሄ እውነተኛው ቴይለር ሲሪስ መሆኑን በምን አወቅን?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ፋንክሽን በ0 ዙሪያ ሊኖረው የሚችለው የ`x` ፓወር ሲሪስ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በየትኛውም ትክክለኛ መንገድ ብታገኙት ያው ራሱ ነው። እንዲያውም ወደ ኋላ ማንበብ ይቻላል። የ`x⁶` ኮኢፊሸንት ስድስተኛው ዴሪቬቲቭ በ0 ላይ ያለው ዋጋ ለ6! ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ስለዚህ ያ ዴሪቬቲቭ `-720/6 = -120` ነው፤ አንድም ጊዜ ዴሪቬቲቭ ሳንሠራ አገኘነው።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። የ`e^u` ሲሪስ የተሠራው በ`u = 0` ዙሪያ ነው። ስለዚህ `x` ወደ 0 ሲጠጋ የምትተኩት ነገርም ወደ 0 መጠጋት አለበት። `-x²` ይህን ያሟላል። `e^(cos x)` ላይ ግን `u = cos x` ብትሉ `cos 0 = 1` ስለሆነ አይሆንም። እስከ `u³` ብቻ ወስዳችሁ `x = 0` ብታስገቡ 2.667 ታገኛላችሁ፤ ትክክለኛው ግን `e`፣ ማለትም 2.718 ገደማ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር እንኳ ከተሳሳተ፣ የተተካው ነገር ቦታውን እንደሳተ እወቁ።

መፍትሔው አንዱን ነጥሎ ማውጣት ነው፦ `e^(cos x) = e·e^(cos x - 1)`። አሁን `u = cos x - 1 = -x²/2 + x⁴/24 - ...` ወደ 0 ይሄዳል። `u` ከራሱ `x⁴/24` ይሰጣል፣ `u²/2` ደግሞ `x⁴/8` ይጨምራል፤ ሲደመሩ `x⁴/6` ናቸው፦

`e^(cos x) = e·(1 - x²/2 + x⁴/6 - ...)`

`u²`ን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። ስለዚህ ከመጨረሳችሁ በፊት የምትፈልጉት ፓወር ከየትኞቹ ቃላት እንደሚመጣ ቁጠሩ።