«ያውቃል እኮ!»

ከስካፎልዲንግ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ አንድ ፎርማንን ታላቅ ወንድሙ ይዞት መጣ። ሲቲ ስካኑ ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል በሁለቱም በኩል መድማቱን ያሳያል። ንግግሩ ደህና ነው፤ ትዝታውም፣ ሒሳቡም እንደዚያው። ችግሩ ሥራ ላይ ነው። ግድግዳው በሌላ ብሎኬት ይሠራ ሲሉት «እሺ» ብሎ ይወጣና በድሮው ያሠራል። ወንድሙ ገና ሳይቀመጥ፣ «ዶክተር፣ አልገባው ብሎ እንዳይመስልዎ። ያውቃል እኮ! እልኸኛ ሆኖ ነው» አለኝ።

ይህችን «ያውቃል እኮ» ከሚስቶችም፣ ከአሠሪዎችም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ከሐኪሞችም ስሰማ ኖሬያለሁ። ማወቁንማ ማን ካደ?

ፎርማኑን በካርድ ፈተንኩት። ጠረጴዛው ላይ አራት ካርዶች ይደረደራሉ፦ አንድ ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ሁለት አረንጓዴ ኮከብ፣ ሦስት ቢጫ መስቀል፣ አራት ሰማያዊ ክብ። ታማሚው በእጁ የያዛቸውን ካርዶች አንድ በአንድ ከአራቱ ሥር ይደለድላል። በምን መመዘኛ እንደሆነ አይነገረውም፤ ከእኔ የሚሰማው «ትክክል» ወይም «ስህተት» ብቻ ነው። መጀመሪያ መመዘኛው ቀለም ነው፤ በተከታታይ 10 ጊዜ ሲያገኘው ሳልነግረው ወደ ቅርጽ እቀይረዋለሁ። ፎርማኑ ቀለሙን ቶሎ አገኘው። ከለውጡ በኋላ ሁለት ቀይ ክብ ያለበት ካርድ መጣለት። በቅርጽ ከሆነ ቦታው ከሰማያዊዎቹ ክቦች ሥር ነው፤ እሱ ግን ከቀዩ ሦስት ማዕዘን ሥር አኖረው። «ስህተት» አልኩት። ቀጣዩንም በቀለም ደለደለ። ጥቂት እንደሄደ ቀና ብሎ፣ «አሁን ቀለም አይደለም ማለት ነው፤ ቀይረውታል» አለኝ። ይህን እያለኝ እጁ ሌላ ቀይ ካርድ ከቀዩ ሥር አስቀመጠ።

እልኸኛ እንዲህ አያደርግም። እልኸኛ ይከራከራል፣ የኔ ነው ልክ ይላል። ይህ ሰው ግን መሳሳቱን የነገረኝ ራሱ ነው። ብሬንዳ ሚልነር ሞንትሪያል ውስጥ ለሚጥል በሽታ ሲባል የአንጎላቸው ክፍል በቀዶ ሕክምና የተወገደላቸውን ሰዎች በእነዚሁ ካርዶች ፈትነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጥናት፣ ከፊተኛው ክፍል የውጪኛው ጎን የተወገደላቸው ያለፈበትን መመዘኛ ከሌሎቹ ይበልጥ ሙጥኝ ይሉ ነበር። ለውጡን ማወቅ አንድ ሥራ ነው፤ የለመደውን እጅ መግታት ሌላ ሥራ ነው፤ እዚህ የተጎዳው ሁለተኛው ነው።

በስትሩፕ ፈተናም ያው ታየ። «ቀይ» የሚለው ቃል በሰማያዊ ተጽፎ ይቀርባል፤ ቃሉን ትቶ ቀለሙን መጥራት ነው። ዘገየ ብለው «አንጎሉ ተጎድቷል» የሚሉ አሉ፤ የሚዘገየው ግን ሁሉም ሰው ነው። ጆን ሪድሊ ስትሩፕ እ.ኤ.አ. በ1935 ጤነኛ ተማሪዎችን ሲፈትን፣ የመቶ ባለቀለም ካሬዎችን ቀለም በ63 ሰከንድ ገደማ የጠሩት፣ በቃላቱ ላይ 110 ሰከንድ ፈጅቶባቸዋል። (ማንበብ ያልሰመረለትን ሰው ደግሞ ቃሉ አይጎትተውምና ውጤቱ ምንም አይነግረንም።) እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የስህተቱ ዓይነት ነው። ፎርማኑ ጥሩ አንባቢ ነው። «ቀለሙን ነው የምጠራው፣ አይደል?» ብሎ መመሪያውን አስተካክሎ ይደግምልኝና ቃሉን ያነባል። ጤነኛ ሰው ሲያመልጠው «ኧረ!» ብሎ ያርማል። እሱ ብዙውን ሳያርም አለፈ።

ከወራት በኋላ አሠሪው ማስረጃ ጠየቀ፤ ካርዶቹ ተደገሙ፤ አለፈ። ወንድምየው «አላልኩዎትም? እልህ ነበር» አለኝ። አሁንም የሚከነክነኝ ይኼ ነው። የካርዱ ፈተና ጉልበቱ ታማሚው መመዘኛው እንደሚቀየር አለማወቁ ላይ ነው፤ ያንን አንዴ ካወቀ የሚቀጥለው ሌላ ፈተና ነው። በመጀመሪያ ሙከራውም የሚያልፍ አለ። ኤስሊንገርና ዳማሲዮ እ.ኤ.አ. በ1985 ኢ.ቪ.አር. ብለው የጻፉለት የሒሳብ ባለሙያ ዕጢ ከወጣለት በኋላ ካርዱን በደህና ሠርቷል፤ ኑሮው ግን ፈረሰ፤ ለምግብ የት እንደሚሄድ ለመወሰን እንኳ ሰዓታት ይፈጅበት ነበር። ጉዳቱ ከዓይን በላይ ያለው የታችኛው ክፍል ላይ ነበር፤ ካርዱ ያንን ክፍል ብዙ አይፈትንም። በዚያ ላይ እኔ ክፍል ውስጥ ጸጥታ አለ፣ ሥራው አንድ ነው፣ በየካርዱ «ስህተት» የሚለው ሰው አለ። ሳይት ላይ «ስህተት» የሚለው ግድግዳው ከቆመ በኋላ ነው።

አሠሪው ደውሎ «ባጭሩ አለፈ ወይስ ወደቀ?» አለኝ። የጻፍኩለት ይህን ነው፦ ሥራ ይግባ፤ ዕቅድ ሲቀየር ግን በቃል ብቻ አይነገረው፤ የድሮው ብሎኬት ከአጠገቡ ይነሳ፤ የመጀመሪያው ረድፍ እስኪያልቅ አንድ ሰው አብሮት ይቁም።